ቀጣዩን ዙር የሚወስን የሩጫ ማስታወሻ አያያዝ

የመጀመሪያ ዓመት የሩጫ ደብተሬን ሳገላብጥ ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «8 ኪሎ ሜትር፣ 46 ደቂቃ። ጥሩ ነበር።» በማግስቱም እንደዛው። ይህንን ሰዓቴም ይመዘግብልኛል። ከዚህ ተነስቼ በሚቀጥለው ወር ምን ልቀይር ብል ግን አንድም መልስ የለውም።

«ዙር» የምለው አንድ ዓላማ ይዘን የምንለማመድበትን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ምሳሌዬ በክረምቱ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ የተዘጋጀሁበት ስድስት ሳምንት ነው። አማተር ነኝ፤ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ ለመግባት ነበር ሐሳቤ።

1. ዙሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፉ

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዕቅዱን ከነጥያቄው አስፍሩት። የኔ እንዲህ ይላል፦ «ረቡዕ ረቡዕ 1 ኪሎ ሜትር አምስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ፣ መሃል መሃሉን ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ። አምስቱንም መጨረስ እችላለሁ?» ማክሰኞ ቀላል 45 ደቂቃ፣ እሁድ ደግሞ ረጅም 90 ደቂቃ ነበር።

ዕቅዱን በእስክሪብቶ ጻፉት። በኋላ ያልሠራነውን እያጠፋን የሠራነውን «ይሄ ነበር ዕቅዴ» የማለት አባዜ አለብን።

2. በየቀኑ ሰዓቱ የማያውቀውን መዝግቡ

ርቀቱንና ፍጥነቱን ሰዓቱ ይያዝ። እናንተ የምትጽፉት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። አንዱን ገጼን እንዳለ ልቅዳው፦

«ማክሰኞ። ዕቅድ፦ ቀላል 45 ደቂቃ። የሠራሁት፦ 45 ደቂቃ፣ እንጦጦ ዳገት፣ ጭቃ፣ ከጓደኞች ጋር። ልፋት፦ 6። እንቅልፍ፦ 7 ሰዓት። ሕመም፦ ቀኝ ባት፣ ሲጀመር ብቻ፣ 2 ከ10። ማስታወሻ፦ ማውራት አቅቶኝ ነበር።»

ከዚህ ሁሉ ዋናው ልፋት የሚለው ነው። ከ0 እስከ 10 ያለ ነጥብ ነው፦ 3 ማለት እያወራሁ የሮጥኩት፣ 8 ማለት ቃል ማውጣት የከበደኝ ነው። ካርል ፎስተር የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት ሳይንስ ባለሙያ ያስፋፋው መንገድ ሲሆን ነጥቡ የሚሰጠው ልምምዱ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ወዲያው ከሰጣችሁት የመጨረሻዋ ዳገት ብቻ ነች ነጥቡን የምትወስነው። ሻወር ወስዳችሁ፣ ቁርስ ቀማምሳችሁ ጻፉት።

ነጥቡን በደቂቃው ስታባዙት የቀኑ ጫና ይወጣል። ቀላል 45 ደቂቃ በ3 ሲባዛ 135 ነው። ያቺ የእንጦጦ ማክሰኞ ግን 45 በ6፣ ማለትም 270 ሆናለች። እሁድ በዝግታ የምሮጠው 90 ደቂቃም በ3 ሲባዛ ያው 270 ነው! ስለዚህ የብዜቱን ውጤት ብቻ አትመኑት። ልፋቱን ለብቻው፣ ደቂቃውንም ለብቻው አስቀምጡ።

ቦታውን የምጽፈው ለማስዋብ አይደለም። በአስፋልት 5 ደቂቃ ከ30 የሆነ ኪሎ ሜትር በጫካ ጭቃ ከ6 ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሱሉልታ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ስለሆነ በተመሳሳይ ልፋት ትዘገያላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ኮንዲሽኔ ወርዷል» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት የት እንደሮጣችሁ ማየት አለባችሁ። የምትጾሙ ከሆነም ጾሙን ጻፉ። ሳይበሉ መሮጥና በልቶ መሮጥ አንድ አይደለም።

ሕመም ሲኖር የትኛው እግር፣ የት ላይ፣ መቼ (ሲጀመር፣ መሃል ላይ ወይስ በማግስቱ ጠዋት) የሚለው ይበቃል። «እግሬን አሞኛል» ከሚል ጽሑፍ ምንም አይገኝም።

3. እሁድ ማታ አሥር ደቂቃ

በዚህ ቀን ዕቅድ አይቀየርም። ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ። ዕቅዱና የሠራችሁት የተለያዩበትን ቀን ክበቡበት። አንድ ቦታ ላይ ያለ ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ ከተጻፈ ደግሞ በቀይ አስምሩበት፤ እየጨመረ ከመጣ ዙሩ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ዕረፍት ወስዶ መታየት ነው።

4. ዙሩ ሲያልቅ ከመጥፎው ቀን ወደ ኋላ ተመለሱ

ለዚህ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ወደ መጀመሪያው ገጽ ጥያቄ ሂዱና መልሱን ፈልጉ። እኔ ከስድስት ረቡዕ አምስቱንም ኪሎ ሜትር የጨረስኩት በሁለቱ ብቻ ነበር። በአራቱ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ቆሜያለሁ። ደብተሩን ሳላይ የደረስኩበት መደምደሚያ «ፍጥነት ያንሰኛል፣ በሚቀጥለው ዙር አርብም ስፒድ ልጨምር» የሚል ነበር።

ከዚያ ግን ከእያንዳንዱ ረቡዕ ሁለት ቀን ወደ ኋላ አነበብኩ። ረቡዕ የቆምኩባቸውን አንድ በአንድ ስከተል፣ በሦስቱ ዋዜማ፣ ማክሰኞ፣ ልፋቴ 5 ወይም 6 ነበር። ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ የወጣሁባቸው ቀናት ናቸው። አምስቱንም በጨረስኩባቸው ሁለት ሳምንታት ግን ማክሰኞ ልፋቴ 3 ነው። አንዱን ቀን ዝናብ ስለያዛቸው ጓደኞቼ ቀርተው ብቻዬን ሜዳ ላይ ነው የሮጥኩት። ወረቀት ላይ «ቀላል» የተባለው ማክሰኞ እውነተኛው ስሙ ሌላ ነበር።

አራተኛው የተበላሸ ረቡዕ ከዚህ አይገጥምም። ማክሰኞው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ለቅሶ አድሬ እንቅልፌ 4 ሰዓት ነው። እሱን ለብቻው አስቀመጥኩት። ፍልሰታንም ልከስስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ከአራቱ ሁለቱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ስለሆኑ ብቻውን አያስረዳም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስድስት ረቡዕ ጥቂት ነው። ያገኘሁት ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ጥርጣሬው የሚፈተነው በሚቀጥለው ዙር ነው።

5. አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

ማክሰኞን፣ እንቅልፍን፣ ምግብንና ጫማን በአንድ ጊዜ ከቀየርኩ ምን እንደሠራልኝ አላውቅም። ስለዚህ ለመስከረምና ለጥቅምት ዙር አዲስ ገጽ ላይ ይህንን ጻፍኩ፦ «ማክሰኞ ሜዳ ላይ፣ ብቻዬን፣ ልፋት ከ3 አይበልጥ። ረቡዕ ያው 5 ጊዜ፣ በ4:45። ከስድስቱ አራቱ ከተሟሉ ችግሩ ማክሰኞ ነበር ማለት ነው። ካልተሟሉ 4:45 ራሱ ለኔ ይፈጥናል፤ ወደ 4:55 ዝቅ ይበል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ሐሳቡ ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደምታደርጉ ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ሌላ ሰበብ ትፈልጋላችሁ።

በመሃል ሳልቀይረው የሚቀየር ነገርም አለ፤ ክረምቱ ወጥቷል፤ ጭቃው ደርቋል። ይህም ራሱ ረድቶኝ ሊሆን ስለሚችል ረቡዕን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ አስፋልት ላይ አደረግኩት። እንጦጦን አልተውኩም፤ ወደ ቅዳሜ ገፋሁት። ጓደኞቼ ለሁለት ሳምንት ያህል «ኮራህ» እያሉ ቀለዱብኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከስድስቱ አምስቱ ረቡዕ ተሟልተዋል። በአንደኛው ሦስተኛው ላይ አቁሜያለሁ፤ ከጎኑ «ቀኝ ባት፣ መሃል ላይ፣ 4 ከ10» ይላል። በክረምቱ 2 ነበረች፣ ያውም ሲጀመር ብቻ። ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ ገጽ የጻፍኩት ጥያቄ ስለ ባቴ ነው።