ደመወዝን በመጀመሪያው መልእክት ስንጠቅስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቃሊቲ አካባቢ ላለ አንድ አስመጪ ድርጅት ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ሳፈላልግ ለአንዲት ሴት በቴሌግራም «ደመወዙ እስከ 40 ሺህ ብር ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ከሥራዋ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ አንድ ጊዜ ለጽሑፍ ፈተና፣ አንድ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ መጣች። አለፈች፤ ድርጅቱም የመጨረሻውን ጣሪያ፣ 40 ሺህ ብሩን ሰጣት። የቅጥር ደብዳቤውን ባየች ማግስት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ አሁን ከማገኘው በ250 ብር ብቻ ነው የሚበልጠው» አለችኝ።

የጻፍኩት ቁጥር ሐሰት አልነበረም። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ከታች በሒሳብ አሳያለሁ። ከዚያ በኋላ ለሥራ ፈላጊዎች የላክኋቸውን የቆዩ መልእክቶች መለስ ብዬ ሳነብ፣ ስለ ደመወዝ የጻፍኩባቸው ዐረፍተ ነገሮች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ጉድለት ነበራቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች የራሳችሁን መልእክት ከእነዚህ ጋር እያስተያያችሁ እንድታነቡ እጋብዛለሁ።

«ማራኪ ደመወዝ» እና «በስምምነት»

እነዚህን ሁለት ቃላት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወርሰናቸዋል። «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚለውም ዘመዳቸው ነው። ሰሌዳ ላይ ለማንም አላፊ አግዳሚ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንዲህ ቢል ልማድ ነው ብለን እንለፈው። ለአንድ ሰው በስሙ በተላከ መልእክት ውስጥ ሲገባ ግን ትርጉሙ ይለወጣል። አንባቢው የሚረዳው «ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ደብቀውታል» ብሎ ነው። ሥራ ያለው ባለሙያ ደግሞ ለመጠየቅ ጊዜ አያጠፋም፤ ዝም ይላል። እኛ ዝምታውን «ፍላጎት የለውም» ብለን እንመዘግበዋለን።

«በስምምነት» የሚለው ቃል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቀጣሪው በእርግጥ ጣሪያ ካላበጀ። እንዲህ ያለ ቀጣሪ ግን በሥራ ዘመኔ ያጋጠመኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ከፋይናንስ ክፍል የጸደቀ በጀት ካለ፣ ከበጀቱ ውጪ ስምምነት የለም።

ራሳችን ሳንናገር «ስንት ይፈልጋሉ?» ማለት

ይህ ትሕትና ይመስላል። በተግባር ግን ቁጥሩን የያዘው ሰው የማያውቀውን ሰው አስቀድሞ እንዲገምት ማስገደድ ነው። ዝቅ አድርጎ ከጠራ በርካሽ ይቀጠራል፤ ከፍ አድርጎ ከጠራ ይወድቃል። «አሁን ስንት ይከፈልዎታል?» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ የነገውን ሥራ ዋጋ በትናንቱ ደመወዝ ይተምናል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ከሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀጣሪዎች አመልካችን ስለ ቀድሞ ደመወዙ እንዳይጠይቁ፣ በሥራ ማስታወቂያቸውም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ክፍያ እንዲገልጹ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እኛ ዘንድ ባያስገድድም ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይከለከልም፤ መጀመሪያ የኛን ቁጥር ተናግረን፣ «ከሚያስቡት ጋር ይቀራረባል?» ብለን መጠየቅ እንችላለን።

ያልተጣራ መሆኑን አለመናገር

እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በአገራችን ቀጣሪ በጀት ሲይዝ የሚያስበው ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበትን ደመወዝ ነው። ሠራተኛ ግን «ደመወዜ ይህን ያህል ነው» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ወሩ ሲያልቅ ባንክ የገባለትን ነው። ስለዚህ ያለ ማብራሪያ የተጻፈ «40 ሺህ» ለጸሐፊው አንድ ነገር፣ ለአንባቢው ሌላ ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 በመቶ ይጀምርና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በተጨማሪ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል። 40,000 ብር ላይ እንሥራው። 40,000 በ35 በመቶ ሲባዛ 14,000 ይሆናል፤ በታችኛዎቹ እርከኖች የቀለለው 2,050 ብር ሲቀነስለት ግብሩ 11,950 ብር ነው። ጡረታው 2,800 ብር ነው። በእጅ የሚገባው 25,250 ብር ይሆናል። ያቺ ባለሙያ በወቅቱ ተጣርቶ 25,000 ብር ይገባላት ነበር። 250 ብሩ ከዚህ መጣ።

እርሷ እንደተረዳችው 40,000 ብር በእጇ እንዲገባ ቢፈለግ፣ ድርጅቱ ወደ 65,400 ብር ደመወዝ መመደብ ነበረበት። በመካከላችን የነበረው አለመግባባት ከ25 ሺህ ብር በላይ ነበር ማለት ነው፤ ያውም በአንዲት ባልተጻፈች ቃል ምክንያት።

ለዚህ የምጠቀምበት አቋራጭ አለኝ። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ ከሆነ በ0.58 አባዛዋለሁ፤ 2,050 እደምርበታለሁ። 32,000 ብር በዚህ ስሌት 20,610 ብር ይሆናል። ስሌቱ ልክ የሚሆነው ግብር የሚከፈልበት አበል ወይም ሌላ ተቀናሽ ከሌለ ብቻ ስለሆነ፣ በመልእክቴ ላይ ምንጊዜም «አካባቢ» የምትለውን ቃል አልተዋትም።

አበልን ከደመወዝ ጋር ቀላቅሎ ማሳበጥ

አንዳንድ ቀጣሪ «40 ሺህ ነው» ይልና ሲጠየቅ 32 ሺሁ መሠረታዊ ደመወዝ፣ 8 ሺሁ የመጓጓዣና የቤት አበል ሆኖ ይገኛል። በወር መጨረሻ ኪስ የሚገባው ሊቀራረብ ይችላል፤ አንዳንዴም እንደ አበሉ ዓይነት ይሻላል። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው ግን በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም እንደ መጓጓዣ ያለው አበል ከ«ደመወዝ» ትርጉም ውጪ ስለሆነ፣ የትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላ ከቁጥር አይገባም። በመልእክቱ ላይ ይህን ሁሉ መተንተን አያስፈልግም። «መሠረታዊ ደመወዝ» ብሎ መጻፍና አበሉን በተለየ ዐረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይበቃል።

ማንም የማይደርስበትን ጣሪያ መጻፍ

በጀቱ ከ32 እስከ 40 ሺህ ሆኖ ሳለ «ከ25 እስከ 55 ሺህ» ብሎ የሚጽፍ ባልደረባ ነበረኝ። ሰፊ መረብ ብዙ ዓሣ ይይዛል ባይ ነበር። ሰው ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያነብ ዓይኑ የሚያርፈው 55 ላይ ነው፤ ራሱንም እዚያው ያስቀምጣል። በኋላ 36 ሺህ ሲቀርብለት ዝቅ የተደረገ ይመስለዋል፤ ምንም እንኳ ከመጀመሪያ 55 የሚባል ገንዘብ ባይኖርም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጣሪያው እውነተኛ መሆኑን የማረጋግጠው ቀጣሪውን አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፦ «ይህን የላይኛውን ቁጥር ለማን ትከፍላላችሁ?» ግልጽ መልስ ከሰጠኝ ያንኑ መልስ በመልእክቱ ውስጥ አስገባለሁ። «እንግዲህ በጣም ጎበዝ ከተገኘ…» ብሎ ካንገራገረ ጣሪያው ጣሪያ አይደለም፤ በእርግጠኝነት የሚከፍለውን ቁጥር እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።

ሐተታ ማብዛት

ይህ አጭር ነው። ስለ ድርጅቱ ታሪክ፣ ስለ መልካም የሥራ አካባቢው ሦስት አንቀጽ ጽፎ ደመወዙን በመጨረሻው መስመር መሸጎጥ፣ ወይም «ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም…» እያሉ ይቅርታ መጠየቅ ገንዘቡን አያበዛውም። የተለወጠው መልእክቴ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ቃሊቲ አካባቢ ለሚገኝ አስመጪ ድርጅት ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ስለምፈልግ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ከ32,000 እስከ 40,000 ብር ነው፤ በእጅ የሚገባው ከ20,600 እስከ 25,250 ብር አካባቢ ይሆናል። የመጓጓዣ አበል ለብቻው አለ። ከ36,000 ብር በላይ የሚከፈለው የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ራሱ ሠርቶ ለኦዲተር ያቀረበ ሰው ሲገኝ ነው። ከሚያስቡት ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ዝርዝሩን ልላክልዎ፤ ካልሆነም “አይሆነኝም” ቢሉኝ ይበቃኛል።»

በስልክ ላይ ከአንድ ገጽታ አያልፍም። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትንሽ ብትመስልም ትሠራለች። እኛ አገር ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ቃሉን አዘጋጅቶ ከሰጡት ግን ይመልሳል።

ቀጣሪው «ቁጥር አትጥራ» ሲል መገመት

ይህ ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ነባሮቹ ሠራተኞች አዲሱን ቁጥር እንዳይሰሙ መፍራት ነው። እዚህ ላይ መልማዩ የሚሠራው ስህተት ካለፈው ተመሳሳይ ቅጥር ተነሥቶ «ወደ 35 ሺህ ይመስለኛል» ማለት ነው። በመልማይ አፍ «ይመስለኛል» ያለው ነገር በሰሚው ጆሮ ቃል ኪዳን ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ቢያንስ የታችኛውን ወለል ለመናገር ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ «ከ32,000 ብር አያንስም» ማለት ከዝምታ ይሻላል። ያም ከተከለከለ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «የደመወዙን መጠን እንድገልጽ እስካሁን አልተፈቀደልኝም፤ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረብዎ በፊት ግን አሳውቅዎታለሁ።» ይህን ከጻፍኩ በኋላ ቀጣሪው ቁጥሩን ሳይሰጠኝ ማንንም ወደ ቃለ መጠይቅ አልልክም። በዚህ ምክንያት አንድ ደንበኛ አጥቻለሁ።

በጀቱ መሀል ላይ ከተቀነሰስ? በዚያው ቀን፣ በዚያው የመልእክት መስመር መንገር ነው፤ «ከ40,000 ወደ 36,000 ዝቅ ብሏል» ብሎ፣ የድሮውንም ቁጥር አብሮ ጽፎ።

መልእክቱን ከለወጥኩ በኋላ «አይሆነኝም» የሚለው መልስ በዛ፤ አንዳንዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይመጣል። ለዚያው የቃሊቲ ቦታ፣ ያቺ ባለሙያ ከተወችው በኋላ አዲሱን መልእክት ከላክሁላቸው ሰዎች አንዱ «ለእኔ አይሆነኝም፤ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ግን አሁን 17 ሺህ ነው የሚገባላት፤ ልስጥህ ስልኳን?» አለኝ። ጠይቃት፣ እርሷ ከፈቀደች ትደውልልኝ አልሁት። ደወለች፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «20,600ው ተጣርቶ ነው አይደል?» የሚል ነበር።