ከጋዜጣ ፎቶ ላይ አይቶ ማመልከቻ ሲጻፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ ጋዜጣ ገዝቶ ሥራ አይፈልግም። ማስታወቂያው ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይመጣለታል። ስህተቱም ከፎቶው ይጀምራል።

የወጣበትን ቀን ሳያዩ መጻፍ። ፎቶ አንሺው ማስታወቂያዋን ብቻ ያነሳል። የጋዜጣው ስምና ቀን ከገጹ አናት ላይ ይቀራሉ። ማስታወቂያው ግን «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ፎቶው ከደረሳችሁ ቀን ከቆጠራችሁ ተሸውዳችኋል። እሑድ የወጣ ማስታወቂያ «7 ተከታታይ ቀናት» ካለ ቅዳሜ ያበቃል። «የሥራ ቀናት» ካለ፣ ቅዳሜ በማይሠራ መሥሪያ ቤት፣ በመሃል በዓል ከሌለ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ይደርሳል። ስለዚህ የላከላችሁን ሰው ሙሉ ገጹን ጠይቁት። ቀኑ ለደብዳቤውም ያስፈልጋል፤ መክፈቻው የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና የማስታወቂያ ቁጥሩን መጥቀስ አለበት።

ሰንጠረዡን አዛብቶ ማንበብ። አንድ ማስታወቂያ ላይ ስድስት ሰባት የሥራ መደብ ይደረደራል። ጋዜጣው ታጥፎ ከተነሣ መስመሩ ይጣመማል፤ የሌላው መደብ «0 ዓመት» የእናንተ ይመስላችኋል። ስክሪኑ ላይ የወረቀት ጠርዝ አስደግፋችሁ መስመሩን ተከተሉ። የመደቡን መጠሪያ እንደተጻፈ ገልብጡት። «ጁኒየር አካውንታንት» ያለውን «የሂሳብ ባለሙያ» ብላችሁ አትተርጉሙ፤ ማመልከቻ የሚለየው ሰው የሚያየው መጠሪያውን ነው።

የተጠየቀውን ትቶ ስለ ጠባይ መጻፍ። ይሄኛው ብዙ ልጆችን ይጥላል። ማስታወቂያው «በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ 0 ዓመት፣ ፒችትሪ የሚችል» አለ እንበል። አመልካቿ እንዲህ ጻፈች፦

«ታታሪ፣ ታማኝና በቡድን መሥራት የምችል ነኝ።»

ይህን ማንም ይጽፋል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪስ የት ሄደ? የሁለት ወር የተግባር ልምምዷን ስናነሳ ግን ብዙ ነገር ወጣ። አስተካክላ ጻፈችው፦

«በተግባር ልምምዴ ወቅት የዕለት ወጪ ደረሰኞችን በፒችትሪ መዝግቤያለሁ። በወሩ መጨረሻም የባንክ መግለጫን ከመዝገቡ ጋር አስታርቄያለሁ።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፈታኙ ከዚህ ተነስቶ የሚጠይቃት ነገር አገኘ። እናንተም ከማስታወቂያው ተፈላጊ ችሎታዎች ሁለት ሦስቱን መርጣችሁ ለእያንዳንዱ የሠራችሁትን ጻፉ። ያልሠራችሁትን አትጨምሩ፤ ፈተናው ላይ ፒችትሪ ከፍተው ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ።

የተግባር ልምምድን የሥራ ልምድ ማለት። «2 ዓመት» ለሚል መደብ የሁለት ወር ልምምድ አይሞላም። በስሙ ጥሩት።

የቆየ ደብዳቤ ገልብጦ መላክ። የመደቡን ስም ቀይረው የድርጅቱን ስም የሚረሱ አሉ። አንዱ ወዳጄ ለባንክ ባስገባው ማመልከቻ መጨረሻ ላይ «በሆቴላችሁ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ» ብሎ ነበር።