የሱቁና የድረ ገጹ ክምችት ሲለያይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሱቅም በድረ ገጽም ጫማ የሚሸጡ ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ቅሬታ ደጋግመው ያነሳሉ፦ ደንበኛው አዝዟል፣ ማረጋገጫም ደርሶታል፣ ጫማው ግን የለም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሲስተሙ ይሳበባል። ሄጄ ባየኋቸው ሱቆች ግን ችግሩ በአብዛኛው የሚመነጨው ከማታው ቆጠራ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት መደርደሪያው ላይ የተቆጠረውን ቁጥር እንዳለ ድረ ገጹ ላይ መጻፍ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ የሆነውን ላስረዳ። ጥቁሩ የቆዳ ጫማ ቁጥር 42 ጠዋት 8 ጥንድ ነበር፤ ድረ ገጹም 8 ይላል። ቀን ላይ ሱቁ ውስጥ 3 ጥንድ ተሸጠ፤ ሻጩ ግን ማታ አንድ ላይ እመዘግባለሁ ብሎ ተወው። በድረ ገጹ ደግሞ 2 ጥንድ ታዘዘና ቁጥሩ ወደ 6 ወረደ፤ ሞተረኛው የሚመጣው በማግስቱ ስለሆነ ሁለቱ ጥንዶች ከመደርደሪያው አልተነሱም። ማታ ሻጩ ሲቆጥር 5 አገኘ፤ 6 የሚለውን አጥፍቶ 5 ጻፈ። ከአምስቱ ሁለቱ ባለቤት ስላላቸው ለሽያጭ የቀሩት ግን 3 ብቻ ነበሩ። በዚያው ሌሊት 4 ጥንድ ሲታዘዝ ለ5 ጥንድ ጫማ 6 ደንበኛ ተገኘ።

ይህ ስህተት አደገኛ የሚሆነው ትክክል ስለሚመስል ነው፤ መደርደሪያው 5፣ ስክሪኑም 5 ስለሚል ማንም አይጠራጠርም። ሻጩ የሱቁን ሽያጭ ብቻ ቢቀንስ ኖሮ 6 ሲቀነስ 3፣ ትክክለኛው 3 ይመጣ ነበር። ስለዚህ በዕለት ተዕለት ሥራ መመዝገብ ያለበት ለውጡ ነው፤ ይኸውም ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ የሚለው ነው። ሙሉ ቆጠራ ሲደረግ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ የሚጻፈው፣ ከተቆጠረው ላይ የታዘዘና ገና ያልወጣ ዕቃ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። የታዘዘ ጥንድ ትዕዛዙ እንደደረሰ ከመደርደሪያው ተነሥቶ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩ ተለጥፎበት በተለየ ሣጥን ቢቀመጥ ግማሹ ችግር ይቃለላል። ቆጠራው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይሁን፤ የትዕዛዝ ዝርዝሩም ከመቁጠር በፊትና ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ይታይ፤ ምክንያቱም ድረ ገጹ ማታም ይሸጣል።

ጠዋት የወረደውን የኤክሴል ዝርዝር አስተካክሎ ማታ መልሶ መጫንም ያው ስህተት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሁሉንም ዕቃ ቁጥር ስለሚያበላሽ እንዲያውም ይብሳል።

ክምችትን በሞዴል ብቻ መያዝ ለጫማ ሻጭ ፈጽሞ አይሆንም። ሃያ ጥንድ አለ ማለት ቁጥር 42 አለ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀለምና ቁጥር የራሱ መለያና የራሱ ክምችት ሊኖረው ይገባል።

ደንበኛ በስልክ «አንዷን ያዝልኝ» ሲል ሳይመዘግቡ ጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥም ይቅር፤ የተያዘ ዕቃ እንደ ትዕዛዝ ይመዝገብ።

ዎኮሜርስ የተባለውን የድረ ገጽ መሸጫ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቅንብር አለ። Hold stock (minutes) የሚለው፣ ክፍያው ያልተጠናቀቀ ትዕዛዝ ዕቃውን ለስንት ደቂቃ ይዞ እንደሚቆይ ይወስናል፤ ሳይነካ ከተተወ 60 ደቂቃ ነው። ብዙዎች ይህ ሁሉንም ያልተከፈለ ትዕዛዝ የሚሰርዝ ይመስላቸዋል። በባንክ አስተላልፋለሁ ብሎ ያዘዘ ሰው ትዕዛዝ ግን On hold ውስጥ ይገባል፤ ክምችቱ ወዲያው ይቀነሳል፣ በራሱም አይሰረዝም። ደረሰኝ ያልላኩ ሰዎች ሲበዙ ድረ ገጹ አልቋል እያለ መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ሻጩም ይህን ሲያይ ቁጥሩን በእጁ ከፍ ያደርገዋል፣ ዘግይቶ ክፍያ ሲመጣ ደግሞ አንዱ ጫማ ሁለት ጊዜ ተሸጦ ያገኘዋል። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እነዚህን ትዕዛዞች አይቶ፣ ክፍያው የገባውን ማጽደቅ፣ ቀነ ገደቡ ያለፈበትን ለደንበኛው አሳውቆ መሰረዝ ያስፈልጋል። ትዕዛዙ ሲሰረዝ ዕቃው ወደ ክምችቱ ይመለሳል፤ በእጅ መጨመር አያስፈልግም።

ደንበኛ የመለሰውን ጫማ ሶሉንና ጥንዱን ሳያዩ ወደ ሽያጭ ቁጥር አይመልሱ።

የመጨረሻዋን ጥንድ ሱቁም ድረ ገጹም እኩል ሊሸጧት ከሞከሩ፣ አንድ ደንበኛ ሱቅ ውስጥ እየለካት ሌላው ስልኩ ላይ ሊያዛት ይችላል። በዎኮሜርስ Out of stock threshold የሚለውን ቅንብር 1 ማድረግ ይረዳል፤ ክምችቱ 1 ሲደርስ ድረ ገጹ አልቋል ይላል። ግን ወሰን አለው፦ 3 ጥንድ ቀርቶ አንድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ቢያዝ አያስቆመውም። ሱቁ ውስጥ ፈጥኖ ለሚሸጥ የጫማ ቁጥር፣ አንዷን ጥንድ ዕቃው ሲገባ ጀምሮ ለሱቁ ለይቶ ድረ ገጹ ላይ አለመመዝገብ ይሻላል።