ነጠላው ተቃጠለ፣ ዚብራው ግን ዝም አለ፦ በቀረጻ ቦታ የኤክስፖዠር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቀትር ላይ በግቢ ውስጥ የሚደረግ መልስ ለካሜራ ባለሙያ ከባድ ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ በአንድ ፍሬም ይገባሉ፤ ነጠላው ፀሐይ ላይ ሲሆን ፊቱ ደግሞ ድንኳኑ ጥላ ሥር ይውላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሶኒ ካሜራ በ S-Log3፣ ማለትም ሰፊ የብርሃን ልዩነት ለመያዝ ምስሉን አደብዝዞ በሚመዘግብ የሎግ ኩርባ፣ ለሚቀርጽ ሰው ናቸው። በሌላ ሎግ የሚሠራ ሰው አካሄዱን ይውሰድ እንጂ ቁጥሮቹን አይውሰድ።

ዚብራው አንድም ጊዜ አልታየም፤ ቤት ሲገባ ግን የነጠላው ሽመና ጠፍቷል

ዚብራ ከተወሰነ የብርሃን ደረጃ በላይ ባለው የምስሉ ክፍል ላይ ሰያፍ መስመር ይስላል። ብዙ ሰው ደረጃውን 100 ላይ አድርጎ ይተወዋል። ለተለመደው የቴሌቪዥን ምስል ይህ ልክ ነው። በ S-Log3 ግን ሴንሰሩ ሊይዘው የሚችለው የመጨረሻው ብርሃን የሚመዘገበው 94 በመቶ አካባቢ ነው። ምስሉ ተቃጥሎም፣ ማለትም ዝርዝሩ እስኪጠፋ ነጥቶም እንኳ 100 ላይ አይደርስም፤ ዚብራው ዝም ያለው የሚያየው ነገር ስለሌለ ነው።

በ Zebra ምናሌ ውስጥ C2 ን መርጠው Lower Limit ላይ 94+ ያድርጉ። ካሜራዎ በትክክል የት እንደሚቆም ለማወቅ ሌንሱን ወደ በራ አምፖል ያዙሩና አፐርቸሩን ቀስ እያሉ ይክፈቱ። የምስሉን ብርሃን በመቶኛ በሚያሳየው ግራፍ፣ በዌቭፎርሙ ላይ፣ የአምፖሉ ምልክት ወደ ላይ መውጣቱን አቁሞ ጠፍጣፋ መስመር ሲሆን ጣሪያው እዚያ ነው፤ ዚብራውን ከዚያ በአንድ በመቶ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ወርቁ ወይም የመኪናው መስታወት ላይ ዚብራ ቢታይ አይጨነቁ፤ የፀሐይ ነጸብራቅ መቃጠሉ ተፈጥሯዊ ነው። የሚያስጨንቀው ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ነው።

ፊቱን 70 በመቶ ላይ አድርጌው ሁሉም ነገር ነጣ

«የፊት ልክ 70 ነው» የሚለው ምክር የመጣው ቆዳቸው ነጣ ካለ ሰዎች ነው፤ የተጻፈውም ለቴሌቪዥን ምስል እንጂ ለሎግ አይደለም። በ S-Log3 መካከለኛው ግራጫ፣ ማለትም 18 በመቶ ብርሃን የሚመልሰው ካርድ፣ 41 በመቶ ላይ ይቀመጣል። ነጭ ወረቀት ደግሞ 61 ላይ። እንግዲህ ፊትን 70 ላይ ማስቀመጥ ፊቱን ከነጭ ወረቀት በላይ ማንጣት ነው። ከጎኑ ያለው ነጠላ የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

ጠይም ፊት ከግራጫው ካርድ አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በብርሃን በግማሽ፣ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ቦታው 33 በመቶ አካባቢ ነው። በሎጉ መካከለኛና ላይኛው ክፍል አንድ ስቶፕ ወደ 9 በመቶ ገደማ እንደሚሆን ከያዙ ቀሪውን በጭንቅላትዎ ማስላት ይችላሉ።

አንድ ሁኔታ እንውሰድ። የሙሽራዋ ፊት ጥላ ውስጥ ሆኖ 33 ላይ ተቀምጧል። ትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላ ከፊቷ ይልቅ ከሦስት ስቶፕ በላይ የሚነጣ ጨርቅ ነው፤ በዚያ ላይ ፀሐዩ ሌላ ሦስት ስቶፕ ጨምሮበታል። ዌቭፎርሙ ላይ 88 ገደማ ይታያል። ጣሪያው 94 ስለሆነ ነጠላው አልተቃጠለም፤ የቀረው ቦታ ግን ከአንድ ስቶፕ ያነሰ ነው። ጥላው ውስጥ የሚታየው የምስሉ ብናኝ፣ ማለትም ኖይዝ፣ እንዲቀንስ ግማሽ ስቶፕ መክፈት ይቻላል። ከዚያ በላይ ብሩህ ፊት ከፈለጉ አፐርቸሩን አይንኩ፤ ፊቷን በሪፍሌክተር ያብሩት ወይም ሙሽራዋን ሙሉ በሙሉ ወደ ጥላው ያስገቧት። አፐርቸር ፊቱንም ነጠላውንም እኩል ያነሳል፤ ሪፍሌክተር ግን ፊቱን ብቻ ይረዳል።

እዚህ ላይ ዌቭፎርም ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው አቀማመጥ ከምስሉ ጋር አንድ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ያለው ግን የብርሃን መጠን እንጂ የቦታ ምልክት አይደለም። ነጠላ የተከናነበች ሴት ፊትና ነጠላዋ በአንድ ዓምድ ላይ ይደራረባሉ፤ የቱ መስመር የፊቷ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቅንብሩን ሳይቀይሩ ፊቷ ፍሬሙን እስኪሞላው ይቅረቡ፣ ቁጥሩን ያንብቡ፣ ከዚያ ወደ ቦታዎ ይመለሱ። በዙም ከቀረቡ ግን ሌንሱ አፐርቸሩን የማይቀያይር ዓይነት መሆን አለበት።

ሂስቶግራሙ መሀል ላይ ተከምሯል፣ ፊቱ ግን ጨልሟል

ሂስቶግራም በየብርሃን ደረጃው ስንት ፒክስል እንዳለ ይቆጥራል እንጂ የትኛው የማን እንደሆነ አይናገርም። ነጣ ያለ የድንኳን ሸራ ፍሬሙን ከሞላው ቁልሉ የሸራው ነው፤ ፊቱ በስተግራ ያለች ትንሽ ጉብታ ናት። ለፊት ኤክስፖዠር እኔ ሂስቶግራምን አላምነውም። የሚጠቅመው ሁለቱ ጫፎች ላይ የታጨቀ ነገር መኖሩን በቶሎ ለማየት ነው።

ሞኒተሩ ላይ ያለው ፎልስ ከለር ከካሜራው ጋር አይስማማም

ፎልስ ከለር ለእያንዳንዱ የብርሃን ደረጃ ቀለም ይሰጣል። በብዙዎች ዘንድ የታወቀው የአሪ ካሜራዎች አቀማመጥ ነው፦ አረንጓዴ ከ38 እስከ 42፣ ሮዝ ከ52 እስከ 56፣ ቀይ ደግሞ የተቃጠለው። ሌሎች አምራቾች ሌላ ቀለም ስለሚጠቀሙ የሞኒተሩን መለኪያ ሰሌዳ ሳያዩ አይፍረዱ።

አለመግባባቱ የሚመጣው ሞኒተሩ LUT ከተጫነበት፣ ማለትም ሎጉ ወደ ተለመደው የቴሌቪዥን ምስል ከተቀየረበት፣ ምስል ላይ ይለካ ወይስ ከሎጉ ላይ ስለማይታወቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን በግራጫ ካርድ ሊያጣራ ይሞክራል፤ አይሠራም። በ S-Log3 ግራጫው 41 ነው፤ በተለመደው የቴሌቪዥን ምስል ኩርባ፣ በ Rec.709ም፣ 41 ነው። በሁለቱም አረንጓዴ ይሆናል። ልዩነቱ የሚጋለጠው በነጭ ወረቀት ነው፤ በሎግ 61 ላይ ሲቆም በ Rec.709 ወደ 95 ይወጣል። ስለዚህ ካርዱን አረንጓዴ አድርገው ከጎኑ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡና ቀለሙን ይዩ። ወረቀቱ መሀከለኛ ደረጃ ላይ ከቀረ ሞኒተሩ ሎጉን ነው የሚያነበው፤ ያን ጊዜ ጠይምን ፊት ሮዝ እስኪሆን መክፈት ከሁለት ስቶፕ በላይ ማብዛት ነው።

በምሽቱ አዳራሽ ሰማያዊ መብራት ሲበራ ፊቱ ቀለም ብቻ ሆነ

ዌቭፎርሙ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ፊቱ ላይ ዝርዝር የሌለው ሰማያዊ ጠፍጣፋ ነገር ካዩ፣ የተቃጠለው አንዱ የቀለም ቻናል ነው። ተራው ዌቭፎርም የሚያሳየው አጠቃላይ ብርሃንን ነው፤ በዚያ ስሌት ውስጥ የሰማያዊ ድርሻ 7 በመቶ ብቻ ሲሆን የአረንጓዴ 72 ነው። ሰማያዊው ጣሪያውን ነክቶም መስመሩ ብዙም አይነሳም። ሞኒተሩን RGB ፓሬድ ላይ ያድርጉት፤ ሦስቱ ቀለሞች ለየብቻ ይታያሉ። ሰማያዊው ከላይ ጠፍጣፋ ከሆነ ጠፍጣፋው እስኪጠፋ አፐርቸሩን ይዝጉ። ምስሉ በስክሪኑ ላይ የጨለመ ቢመስልም በዚያው ይቅረጹ፤ ወይም መብራቱን የሚቆጣጠረውን ሰው ጥቂት ነጭ ብርሃን እንዲቀላቅልበት ይጠይቁት።