ስለ ተሻሻለው የግቢ በር ንድፍና ስለ ርክክቡ መዘግየት

ለተከበሩ ደንበኛችን
ደሴ

ጉዳዩ፦ የግቢዎ በር ንድፍ ለምን እንደ አዲስ እንደ ተሠራና ርክክቡ ከጥቅምት 25 ወደ ኅዳር 20 ለምን እንደ ተላለፈ ስለ ማስረዳት

በመጀመሪያው ስምምነታችን እያንዳንዱ የበር ክንፍ 2 ሜትር ስፋት ኖሮት ታችኛው ግማሽ ላሜራ፣ ላይኛው ደግሞ ፍርግርግ እንዲሆን ተነጋግረን ነበር። በኋላ የጭነት መኪና እንዲያስገባ ክንፉ ወደ 2.5 ሜትር እንዲሰፋና ከላይ እስከ ታች ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንዲለብስ ጠይቀውናል። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ይህን በር በቀድሞው ንድፍ ሠርቶ መስቀል የሚያመጣውን ችግር በደሴም በኮምቦልቻም ደጋግመን ስለ ጠገንን፣ አስቀድመን ልናስረዳዎ ይገባል።

ምልክቱ

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ጫፍ ዝቅ ይልና መቀርቀሪያው ቀዳዳውን ይስታል፤ ቤተሰቡ በሩን እያነሣ መዝጋት ይለምዳል፤ በመጨረሻም ጫፉ መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በያጅ ጠርቶ የታችኛውን ጠርዝ በግራይንደር ያስቆርጣል፣ ወይም የመቀርቀሪያውን ቀዳዳ ዝቅ ያስደርጋል። ይህን እባክዎ ፈጽሞ አያስደርጉ፤ ምክንያቱ ስላልተነካ በሩ ተመልሶ ይወርዳል። መቀርቀሪያው በቀትር ብቻ የሚጠብቅና ማታ የሚላቀቅ ከሆነ ግን ብረቱ በሙቀት እየሰፋ ነውና ጥቂት ክፍተት መስጠት ይበቃዋል።

ምክንያቱ

ጥፋቱ ከክንፉ ይሁን ከኮለኑ ለመለየት ክንፉ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ በሁለቱም አቅጣጫ ይለካል። ልኮቹ ከተለያዩ ፍሬሙ ተዛብቷል፤ እኩል ከሆኑ ግን ክንፉ ደኅና ነውና ቱንቢ በኮለኑ ላይ መጣል ያስፈልጋል። ሙሉ ላሜራ በሚገባ የተበየደበት ክንፍ ብዙ ጊዜ አይዛባም፤ የምናገኘው ጥፋት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ማጠፊያውና ኮለኑ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ባለቤት ማጠፊያውን በየጊዜው እያስለወጡ በሩ መውረዱን አላቆመም ነበር። ቱንቢ ስንጥል የብሎኬት ኮለኑ ጫፍ ወደ በሩ አዘንብሎ አገኘነው፤ በላይኛው ማጠፊያ ዙሪያ የነበረው ስንጥቅም በየዓመቱ በልስን ሲሸፈን ኖሯል። ልስኑ ሲነሣ የማጠፊያው እግር ፌሮ ሳይነካ በስሚንቶ ብቻ ተለጥፎ ታየ።

የእርስዎም በር ወደዚያው እንዳይሄድ ስሌቱን ሠርተናል። የቀድሞው ክንፍ 72 ኪሎ ገደማ ነበር፤ አዲሱ 115 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ላይኛውን ማጠፊያ ከኮለኑ የሚነቅለው ጉተታ የሚገኘው ክብደቱ በስፋቱ ግማሽ ተባዝቶ በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ላለው ርቀት ሲካፈል ነው። ርቀቱ እንደ ቀድሞው 1.6 ሜትር ቢሆን ጉተታው ከ45 ኪሎ ወደ 90 ኪሎ ያድጋል፤ ክብደቱ በእጥፍ ሳይጨምር ጉተታው በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ሙሉ ላሜራ ነፋስንም እንደ ሸራ ስለሚቀበል ጫናው ከዚህም ያልፋል።

መፍትሄው

በአዲሱ ንድፍ የማጠፊያዎቹ ርቀት 1.9 ሜትር ሆኗል፤ በዚህም ጉተታው ወደ 76 ኪሎ ይወርዳል። መሐል ላይ ሦስተኛ ማጠፊያ እንዲጨመር ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ያህል አያግዝም፤ ከሁለቱ ጋር በአንድ መስመር ካልዋለም በሩን ያስጨንቀዋል። የታችኛው ማጠፊያ ክብደቱን የሚሸከም ኩሽኔታ ይኖረዋል። ገበያ ላይ «ለከባድ በር» እየተባሉ የሚሸጡትን ቀጭን ፒን ያላቸውን ማጠፊያዎች አንጠቀምም፤ ፒናቸው ሲበላ በዓይናችን አይተናል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ለደንበኛ መሸጡም ያሳዝነናል። ማጠፊያዎቹ የሚበየዱት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ ሲሆን፣ የብረቱ እግሮች ከአርማታው በፊት ከኮለኑ ፌሮ ጋር ይታሰራሉ።

መዘግየቱ የመጣው ከዚሁ ነው። ብረቶቹን እስከ ጥቅምት 15 ደሴ እናደርሳለን፤ ግንበኛዎ እነርሱ ሳይታሰሩ አርማታ እንዳይሞላ አደራ እንላለን፤ ከተሞላ በኋላ ቆፍሮ ማስገባት የቀድሞውን ጥፋት መድገም ነው። አርማታው ጥቅምት 20 ቢሞላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት። የደሴ ብርድ ከኮምቦልቻ ስለሚበረታ አርማታው ቶሎ አይጠነክርም፤ ስለዚህ 28 ቀን ጠብቀን ኅዳር 18 መስቀል እንጀምራለን። በሩ ራሱ ከዚያ በፊት ያልቃል፤ ቀድሞ ይሰቀል የሚል ሰው ቢመጣ ግን እባክዎ አይፍቀዱለት።

«ማሻሻያ 1» የሚል ማኅተም ያለባቸውን ንድፎችና የዋጋውን ልዩነት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ፈርመው አንዱን እንዲመልሱልን፣ በግንበኛዎ እጅ ያለውን የቀድሞ ንድፍም እንዲሰበስቡ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ በእርሱ ላይ የማጠፊያው ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ይለያያል።

ከአክብሮት ጋር
የብረታ ብረት ሥራ ወርክሾፑ ባለቤት
ኮምቦልቻ