አሜሪካ ሥራ ሲጀምሩ 401(k)ዎን እንዴት እንደሚያስተካክሉ

አሜሪካ አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ከሚሞሉት ቅጽ አንዱ በአሠሪዎ በኩል ለጡረታ የሚቆጥቡበት ሒሳብ፣ 401(k)፣ ነው። እንደ አገር ቤት ጡረታ እንዳይመስልዎ። አገር ቤት ጡረታው በደመወዝዎና በአገልግሎት ዘመንዎ ይሰላል። እዚህ ግን የሚያገኙት ሒሳብዎ ውስጥ የተጠራቀመውን ነው። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ አሠሪው ስንት እንደሚጨምርልዎ፣ «ማች» የሚባለውን ማለት ነው፣ ይጠይቁ። ደመወዝዎ በዓመት 48,000 ዶላር ነው፤ አሠሪው ደግሞ እስከ 6 በመቶ ድረስ ያዋጡትን ግማሽ ይጨምራል እንበል። 6 በመቶ ካዋጡ ከእርስዎ 2,880፣ ከእሱ 1,440፣ በድምሩ 4,320 ዶላር ይገባል። ቅጹ ላይ 3 በመቶ ተሞልቶ ከመጣና ዝም ብለው ከፈረሙ፣ ከአሠሪው ሊያገኙት የሚችሉትን 720 ዶላር በየዓመቱ ያጣሉ።

አሁን እኔ የተቃጠልኩበት ጋ ደረስን። ማዋጣትና ገንዘቡን ማሠራት ለየቅል ናቸው። በፈረንጆቹ 2012 ሥራ ስጀምር ገንዘቡ የሚሠራባቸው ፈንዶች ዝርዝር መጣልኝ። «ስቶክ» የሚለውን፣ የኩባንያ አክሲዮን ማለት ነው፣ ሳይ ቁማር መሰለኝ። Money Market የሚለው ግን የባንክ ቁጠባ ይመስላል፤ ሁሉንም እዚያ አስገባሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩ ሲያድግ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ስልኬን አየችና «ይሄ እኮ ያዋጣሽው ነው፤ ትርፉ የታለ?» አለችኝ። እውነትም ወለዱ ከዜሮ ብዙም ፈቅ አላለም ነበር።

ልዩነቱን በ40 ዓመት እንይ። በየዓመቱ 4,320 ዶላር እየገባ፣ ከዋጋ ንረት በላይ 5 በመቶ ቢያድግ 522,000 ገደማ ይደርሳል። 1 በመቶ ቢያድግ ደግሞ 211,000 ገደማ ነው። 5 በመቶው ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም። በ2008 የአሜሪካ ስቶክ ከሲሶ በላይ ወርዷል። ግን የ27 ዓመት ሰው ይህን ገንዘብ ነገ አይፈልገውም፤ ዋጋው ሲወርድ እንዲያውም መዋጮው ብዙ ድርሻ ይገዛለታል። የሚጎዳው ደንግጦ የሸጠ ነው።

ስለዚህ ጡረታ የሚወጡበትን ዓመት ይገምቱና በአቅራቢያው ያለ ዓመት በስሙ የያዘውን ፈንድ ይምረጡ፤ ለምሳሌ Target Date 2065። ፈንዱ መጀመሪያ አብዛኛውን ገንዘብ ስቶክ ላይ ያደርጋል፤ ዓመቱ ሲቃረብ ቀስ በቀስ ወደ ቦንድ ያዞረዋል። «ጎበዝ አማካሪ አለኝ» የሚል ዘመድ ቢመጣ፣ መጀመሪያ Expense Ratio የሚለውን፣ ፈንዱ በየዓመቱ የሚቆርጠውን ክፍያ ማለት ነው፣ ይዩ። 100,000 ዶላር ላይ 0.10 በመቶ ማለት በዓመት 100 ዶላር ነው፤ 0.75 ደግሞ 750።

ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጡት አብዛኛውን ጊዜ ታክስና 10 በመቶ ቅጣት አለው።

ሥራ ሲለቁ የአሠሪው ድርሻ በሙሉ የእርስዎ መሆኑን ያጣሩ፤ አንዳንድ ቦታ ጥቂት ዓመት መቆየት ይጠይቃል። ገንዘቡን በራስዎ ወደሚከፍቱት የጡረታ ሒሳብ፣ ወደ IRA፣ ካዛወሩት ደግሞ በሳምንቱ ገብተው ይዩት። Cash የሚል ካገኙ ፈንድ አልተገዛለትም፤ እርስዎ ካልገዙለት እዚያው ቁጭ ይላል።