ሟችን ፎቶ ውስጥ ስትጨምሩ መጀመሪያ ብርሃኑን እዩ

አያቴ የ25ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸውን ፎቶ አውጥታ «እስቲ አያትህን ከጎኔ አድርግልኝ» አለችኝ። ያኔ ካሜራውን የያዘው እሱ ስለነበር ፎቶው ላይ የለም።

እንዲህ ያለ ሥራ ከገጠማችሁ፣ የሟቹን ፎቶ የምትመርጡት በፈገግታው ሳይሆን ብርሃኑ በመጣበት አቅጣጫ ይሁን። የአያቴ አፍንጫ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል። እሷ የወደደችው የእሱ ፎቶ ግን ፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ነው፤ ቢገባ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ ከአልበሙ መስኮት አጠገብ የተነሳውን፣ ጥላው ወደ ግራ የወደቀውን መረጥን።

ሁለቱንም በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኩ። እሱን ለብቻው ሌየር ላይ አስቀምጬ ትንሽ አደበዘዝኩት፤ አሮጌ ፎቶ ላይ ከሌሎቹ የጠራ ሰው ወዲያው ያስታውቃል። ትከሻዋ ላይም ስስ ጥላ ጨመርኩ።

ዋናውን ፎቶ አትንኩት። በታተመው ጀርባ ደግሞ «የተቀናበረ» ብላችሁ ጻፉ።